የተበተኑ ካርዶችን በአሃዝ በአሃዝ መደርደር፦ ራዲክስ ሶርት በእጅ

ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቼ ነበር። አንድ ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ ሳጥን ሳወርድ እጄ ከዳኝና ሦስት መቶ የሚሆን ካርድ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ውጭ ሰው ወረፋ ይዟል። አብራኝ የምትሠራው ሴት አልተቆጣችም። ተንበርክካ "አንተ ከመቶ በታች ያሉትን ልቀም፣ እኔ መቶዎቹን እለቅማለሁ፣ ከዚያ ሁለት መቶዎቹን..." አለችኝ።

እንዳለችው አደረግን። መጀመሪያ በመቶ ከፈልን፤ ከዚያ እያንዳንዱን መቶ በአስር በአስር። ብዙም ሳይቆይ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁለት ክምር በጫማው አደባልቆ እንደገና አስጀመረን። ሥራው ያለቀው ከምሳ በኋላ ነው።

ያኔ ራዲክስ ሶርት የሚባለውን ዘዴ ባውቅ ኖሮ ወለሉ ላይ ከ10 ክምር በላይ አይኖርም ነበር። ካርድ ከካርድ እያስተያየን "ይሄ ይበልጣል፣ ያኛው ያንሳል" ስንል አንውልም ነበር። ዘዴው በአንድ ጊዜ አንድ አሃዝ ብቻ ያያል። ሌላውን ቁጥር ከነጭራሹ አያነብም። የሚገርመው ደግሞ የሚጀምረው የተሳሳተ ከሚመስለው ጫፍ ነው፤ ከቀኝ፣ ከአንድ ቤት።

ይህን በኮድ ያነበበ ሰው "እሺ፣ ገባኝ" ብሎ ያልፋል። ለምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። በካርድ የሠራው ይነግራችኋል። ስለዚህ ወረቀትና መቀስ አምጡ።

ካርዶቹን ማዘጋጀት

ጠንከር ካለ ወረቀት 12 ካርድ ቁረጡ። የደብተር ልባስም ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች ጻፉባቸው፣ በአንድ በኩል ብቻ፦

```
427  083  651  420  117  653
009  351  127  480  603  423
```

ሁሉም ሦስት አሃዝ እንዳላቸው ልብ በሉ። 9 "009" ተብሎ፣ 83 ደግሞ "083" ተብሎ ተጽፏል። ለማሳመር አይደለም። በሁለተኛው ዙር "የአስር ቤቱ ስንት ነው?" ብለን ስንጠይቅ 9 መልስ ሊኖረው ይገባል። መልሱ ዜሮ ነው። "የአስር ቤት የለውም" ብላችሁ ካርዱን ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁት ነገሩ ያኔውኑ ተበላሸ።

አሁን የእያንዳንዱን ካርድ የላይኛውን ግራ ጥግ በመቀስ ትንሽ ቆረጥ አድርጉ። 009 ቢገለበጥ 600 ሆኖ ይነበባል፤ ማንም አያውቅበትም። ጥጉ የተቆረጠ ከሆነ ግን የተገለበጠው ካርድ ከክምሩ መሃል ወዲያው ይታያል። ብልሃቱ የእኔ አይደለም። ድሮ ኮምፒውተሮች መረጃን በቀዳዳ ካርድ ሲያነቡ፣ ካርዶቹ በዚሁ ምክንያት አንድ ጥጋቸው ተቆርጦ ነበር የሚታተሙት።

በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የ10 ክምር ቦታ ለዩ። ከ0 እስከ 9 በቁራጭ ወረቀት ምልክት አድርጉባቸው። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ቦታ አንፈልግም።

እጅ ላይ ያለው ምስጢር፦ ደፍቶ ማስቀመጥ

ወደ መጀመሪያው ዙር ከመግባታችን በፊት እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በካርድ ሞክረው "አይሠራም" ያሉኝ ሰዎች ሁሉ የተሳሳቱት እዚህች ጋ ነው።

ካርዶቹን ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ በእጃችሁ ያዙ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ካርድ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 427። ከላይ አንሱ፣ አሃዙን እዩ፣ ከዚያ ካርዱን ደፍታችሁ ክምሩ ላይ አስቀምጡ። ቀጣዩ ካርድ እዚያው ክምር ላይ ቢመጣ በላዩ ላይ ይደፋል።

ሁሉም ሲያልቅ ክምሮቹን ሰብስቡ። የ0 ክምር ከታች ይሁን፤ የ1 ክምር በላዩ፣ የ2 በዚያ ላይ፣ እንዲህ እያለ 9 ከሁሉም በላይ ይሆናል። ከዚያ ጠቅላላውን እንደ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ገልብጡት። አሁን ሁሉም ፊታቸው ወደ ላይ ነው፤ የ0 ክምርም ከላይ መጥቷል። ከክምሩ ውስጥም ቀድሞ የተቀመጠው ካርድ ቀድሞ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ጣጣ የምንከተለው ለአንድ ነገር ነው። አንድ ክምር ውስጥ የገቡ ካርዶች እርስ በርስ የነበራቸው ተራ መፍረስ የለበትም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይውጣ። የታክሲ ተራ አስከባሪን አስቡ። አንድ ረጅም ሰልፍ ፊት ቆሞ "ቦሌ በዚህ፣ መገናኛ በዚህ፣ ፒያሳ በዚህ" እያለ ሰዉን ወደ ሦስት ሰልፍ ይከፍላል። ደህና ተራ አስከባሪ ከሆነ፣ ሁለት የቦሌ ሰዎች በትልቁ ሰልፍ ውስጥ ማን ከማን ፊት እንደነበረ በትንሹም ሰልፍ ውስጥ እንደዚያው ይቆያሉ። የኮምፒውተር ሰዎች እንዲህ ተራ የሚያስከብር አደራደርን ስቴብል ይሉታል። ራዲክስ ሶርት ያለዚህ ዋጋ የለውም። ምክንያቱን ሦስተኛው ዙር ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አንደኛ ዙር፦ የአንድ ቤት

የመጨረሻዋን አሃዝ ብቻ እዩ። ሌላውን በአውራ ጣት ብትሸፍኑትም ችግር የለም። 427 ወደ 7፣ 083 ወደ 3፣ 651 ወደ 1፣ 420 ወደ 0... እስከ 423 ድረስ። ክምሮቹ እንዲህ ይሆናሉ፤ በየመስመሩ ከግራ የተጻፈው ቀድሞ የገባው ነው፦

```
0: 420 480
1: 651 351
3: 083 653 603 423
7: 427 117 127
9: 009
```

2፣ 4፣ 5፣ 6 እና 8 ባዶ ናቸው። ባዶ መሆናቸው ምንም አይደለም። እንደተባለው ሰብስባችሁ ስትገለብጡ ይህን ታገኛላችሁ፦

```
420 480 651 351 083 653 603 423 427 117 127 009
```

አሁን ቁጠሩ። 12 ናቸው? በየዙሩ መጨረሻ መቁጠር ልማድ ይሁንባችሁ። አንድ ካርድ እጅጌ ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ሥር ከገባ፣ ማወቅ የሚሻለው አሁን ነው።

ይህን ዝርዝር ለሰው ብታሳዩት ይስቅባችኋል። 009 ከሁሉም ኋላ፣ 420 ከሁሉም ፊት! የባሰ የተዘበራረቀ ይመስላል። ግን የመጨረሻዎቹን አሃዞች ብቻ አንብቡ፦ 0፣ 0፣ 1፣ 1፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 7፣ 7፣ 7፣ 9። በአንድ አሃዝ ደረጃ ሥራው አልቋል።

ሁለተኛ ዙር፦ የአስር ቤት

አሁን መካከለኛዋን አሃዝ ብቻ እዩ። ካርዶቹን ከላይ ጀምራችሁ፣ በያዙት ተራ፣ ሳትበውዙ። የመጀመሪያው 420 ነው፤ ወደ 2። 480 ወደ 8። 651 እና 351 ሁለቱም ወደ 5፣ በተራቸው። 009 መጨረሻ ላይ መጥቶ ወደ 0 ይገባል፤ እዚያ 603 ቀድሞታል።

```
0: 603 009
1: 117
2: 420 423 427 127
5: 651 351 653
8: 480 083
```

ተሰብስቦ፦

```
603 009 117 420 423 427 127 651 351 653 480 083
```

አሁን የመቶ ቤቱን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ሁለቱን የቀኝ አሃዞች አንብቡ፦ 03፣ 09፣ 17፣ 20፣ 23፣ 27፣ 27፣ 51፣ 51፣ 53፣ 80፣ 83። አንዲትም አልዘለለችም። የአስር ቤቱን ብቻ ነበር ያየነው፤ የአንድ ቤቱም ግን ተደርድሮ ተገኘ።

እዚህ ጋ የ2ን ክምር ቀረብ ብላችሁ እዩ። 420፣ 423፣ 427፣ 127። ወደዚህ ክምር ስናስገባቸው ያየነው 2ን ብቻ ነው፤ ማናቸውንም ከማናቸውም ጋር አላነጻጸርንም። ታዲያ 0፣ 3፣ 7፣ 7 ሆነው ማን ደረደራቸው? የአንደኛው ዙር። ያኔ በአንድ ቤት ተሰልፈው ነበር፤ አሁን ክምሩ ውስጥ ሲገቡ ሰልፋቸውን ይዘው ገቡ።

ይህ የሸፍኖ ማንበብ ነገር ዋናው መፈተኛችሁ ነው። ከየዙሩ በኋላ፣ ገና ያልተነኩትን የግራ አሃዞች ሸፍኑና የቀሩትን አንብቡ። ወደ ኋላ የሚመለስ ቁጥር ካገኛችሁ ስህተቱ ያለው አሁን በጨረሳችሁት ዙር ነው። ቀጣዩን ዙር አትጀምሩ፤ ካርዶቹን ዙሩ ሲጀመር ወደነበሩበት ተራ መልሱና ይህንኑ ዙር ድገሙት። አንድ ዙር ብቻ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ይቻላል፣ ሦስቱ ካለቀ በኋላ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ መፈለግ ራስ ያዞራል።

ሦስተኛ ዙር፦ የመቶ ቤት

አሁን የግራዋን አሃዝ። 603 ወደ 6፣ 009 ወደ 0፣ 117 ወደ 1፣ ከዚያ 420፣ 423፣ 427 ተከታትለው ወደ 4...

```
0: 009 083
1: 117 127
3: 351
4: 420 423 427 480
6: 603 651 653
```

ሰብስቡ፣ ገልብጡ፦

```
009 083 117 127 351 420 423 427 480 603 651 653
```

አለቀ። 12 ካርድ፣ 3 ዙር፣ 36 ጊዜ ማስቀመጥ። "የቱ ይበልጣል?" የሚል ጥያቄ አንድም ጊዜ አልተነሳም።

420፣ 423 እና 427ን እዩአቸው። የመቶ ቤታቸው አንድ ነው፣ የአስር ቤታቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በአንድ ቤት ብቻ፣ እሱም ከሁለት ዙር በፊት የታየ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም። ተራቸው ተጠብቆ እዚህ የደረሰው ተራ አስከባሪው በሁለቱም ዙር ሥራውን ስለሠራ ነው። ከቀኝ የምንጀምረውም ለዚህ ነው። በመጨረሻ የተሠራው ዙር ሁሉንም ይሽራል፤ የቀደሙት የሚናገሩት እሱ እኩል ያደረጋቸውን ብቻ ነው። በቁጥር ውስጥ ደግሞ የመጨረሻ ቃል ሊኖረው የሚገባው ትልቁ ቤት ነው። ስለዚህ ትልቁ ቤት መጨረሻ ይመጣል።

ሲበላሽ ምን ይመስላል?

እያወቃችሁ አበላሹት። እኔ ለልጆች ሳሳይ ሁሌ ይህን አስደርጋቸዋለሁ፤ ከትክክለኛው ይልቅ ከዚህ ብዙ ይማራሉ።

መጀመሪያ ደፍቶ ማስቀመጡን ተዉት። ካርዶቹን ፊታቸው ወደ ላይ እንደሆነ ከምሩ፣ ሳትገለብጡ 0ን ከላይ አድርጋችሁ ሰብስቡ፣ እንደገና ከላይ እያነሳችሁ ቀጥሉ። በዚህ አያያዝ በክምሩ ውስጥ ኋላ የገባው ፊት ይወጣል። ከሦስት ዙር በኋላ የሚመጣው ይህ ነው፦

```
083 009 127 117 351 480 420 423 427 651 653 603
```

ሲያዩት ግማሽ ትክክል ይመስላል፤ ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው። መቶዎቹ ልክ ናቸው፦ 0፣ 1፣ 3፣ 4፣ 6። በየመቶው ውስጥ ግን አስሮቹ ተገልብጠዋል፤ 480 ከ420 ቀደመ፣ 603 ከ653 ኋላ ቀረ። ደግሞ 420፣ 423፣ 427 ልክ ናቸው! ምክንያቱም የአንድ ቤቱ ተራ በሁለተኛው ዙር ተገለበጠ፣ በሦስተኛው ደግሞ እንደገና ተገልብጦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ትልቁ ቤት ልክ፣ ቀጣዩ ግልብጥ፣ የሚቀጥለው ልክ ሆኖ ካገኛችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ክምሩን የያዛችሁበት እጅ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ከግራ መጀመር ነው። የመቶ ቤት፣ ሰብስብ፤ የአስር ቤት፣ ሰብስብ፤ የአንድ ቤት፣ ሰብስብ። ውጤቱ፦

```
420 480 351 651 603 423 653 083 117 127 427 009
```

ትንሹ ቁጥር 009 መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል። የመጨረሻው ዙር የአንድ ቤት ስለሆነ እሱ ሁሉን ሻረ፤ በመቶ የደከምንበት ሁሉ ከንቱ ቀረ።

ከግራ መጀመር በራሱ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። የካርድ ክፍሏ ባልደረባዬ ያደረገችው እሱን ነው፣ ልክም ነበረች። ግን ከግራ የጀመረ ሰው ክምሮቹን መልሶ ማደባለቅ አይችልም። እያንዳንዱን የመቶ ክምር ለብቻው ይዞ በአስር መክፈል፣ እያንዳንዱን የአስር ክምር ደግሞ ለብቻው በአንድ መክፈል አለበት። ወለሉ የሞላብን ለዚያ ነው። ጥቅሙ አንድ ካርድ ብቻዋን የቀረችበት ክምር ላይ ማቆም መቻሉ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 351 ከመጀመሪያው ዙር በኋላ መታየት አያስፈልጋትም ነበር። ቁጥሮቹ ረጃጅም ሲሆኑ ይህ ብዙ ሥራ ያድናል። ለእጅ ሥራ ግን፣ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ምንጊዜም ከቀኝ ነው የምጀምረው።

ሥራው ለማን ያዋጣል?

እውነቱን ለመናገር 12 ካርድ በዓይን አይቶ መደርደር ይፈጥናል። ልዩነቱ የሚመጣው ካርዱ ሲበዛ ነው። 1000 ባለ ሦስት አሃዝ ካርድ ቢኖራችሁ በዚህ ዘዴ 3000 ጊዜ ማስቀመጥ ነው፤ በቃ። እያንዳንዱን ካርድ አስቀድሞ በተደረደረው መሃል ቦታውን እየፈለጉ መሰካት፣ አንድ በአንድ እያስተያዩ ከሆነ፣ በአማካይ 250,000 ያህል ማነጻጸር ይጠይቃል። ያ የበተንኩት ሳጥን፣ 300 ካርድ፣ 900 ማስቀመጥ ነበር። ለአንዱ 2 ሰከንድ ብትሰጡት 30 ደቂቃ። እኛ ግን ምሳ አሳለፍን።

የዙሩን ቁጥር የሚወስነው የአሃዙ ብዛት እንጂ የካርዱ ብዛት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ዘዴው ደካማ የሚሆነው። 20 የስልክ ቁጥር ለመደርደር ቢፈለግ፣ አንዱ ስልክ 10 አሃዝ ስለሆነ 200 ጊዜ ማስቀመጥ ይመጣል። ለ20 ወረቀት! ሁሉም በ09 የሚጀምሩ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ሁሉንም ወረቀት አንድ ክምር ላይ ከመደርደር በቀር ምንም አይሠሩም። እንዲህ ያለውን ዙር አይቶ መዝለል ይቻላል፤ ሁሉም ካርድ አንድ ክምር ከገባ ተራው አይለወጥምና።

በታሪክም ዘዴው የተወለደው ከካርድ ነው። ኸርማን ሆለሪት ለ1890ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በቀዳዳ ካርድ የሚሠሩ ማሽኖችን ካቀረበ በኋላ፣ ካርድ የሚደረድሩ ማሽኖች ለአሥርተ ዓመታት የቢሮ ዕቃ ሆነው ኖረዋል። በ1950ዎቹ የወጣው አይቢኤም 083 በደቂቃ 1000 ካርድ ወደ 13 ኪሶች ይበትን ነበር። በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ዓምድ ብቻ ነው። 10,000 ካርድ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ለመደርደር ሠራተኛው ከቀኙ ዓምድ ይጀምራል፣ ከኪሶቹ በተራ ይሰበስባል፣ ወደ ቀጣዩ ዓምድ ያዞራል፣ መልሶ ያስገባል። አንዱ ዙር 10 ደቂቃ፣ ስድስቱ አንድ ሰዓት፣ የመሰብሰቢያው ሳይቆጠር። ጠረጴዛችሁ ላይ የሠራችሁት ያንኑ ነው፤ የጎደላችሁ ሞተሩ ብቻ ነው።

በግዕዝ ቁጥር ቢጻፉስ?

ይህን አንድ ልጅ ጠይቆኝ ትንሽ ቆም ብዬ አስብ ዘንድ አስገደደኝ። 423ን ፬፻፳፫፣ 420ን ፬፻፳፣ 9ን ፱ ብለን ብንጽፍ ዘዴው ይሠራል?

እንዲሁ እንደተጻፈ አይሠራም። የ፬፻፳ የመጨረሻ ምልክት ፳ ነው፤ ሃያ። የ፬፻፳፫ የመጨረሻ ምልክት ፫ ነው። "የቀኙን ምልክት እይ" ብንል አንዱ ጋ የአስር ቤት፣ ሌላው ጋ የአንድ ቤት እናያለን። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ባዶውን ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ የለም። ስለዚህ "ከ፩ እስከ ፱ ያለ ምልክት መጨረሻው ላይ አለ ወይ? ከሌለ ዜሮ ክምር" ብሎ ቤቱን በልብ መሙላት ግድ ይላል። 009 ላይ ሁለት ዜሮ የጨመርነውም ለዚሁ ሥራ ነበር።

ወደ ኮድ

በእጅ የሠራ ሰው ይህን ፓይተን ሲያነብ እያንዳንዱን መስመር ያውቀዋል፦

```python
def radix_sort(cards):
    place = 1
    while place <= max(cards, default=0):
        piles = [[] for _ in range(10)]
        for c in cards:
            piles[c // place % 10].append(c)
        cards = [c for p in piles for c in p]
        place *= 10
    return cards
```

`place` ያለንበት ቤት ነው፤ 1፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 100። `c // place % 10` አሃዙን ያወጣል። 423 በአስር ቤት ላይ ሲሆን 423 ለ10 ሲካፈል ሙሉው 42 ነው፣ የ42 የመጨረሻ አሃዝ 2። የ9ን የአስር ቤት ሲጠየቅ ራሱ 0 ይመልሳል፤ ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ዜሮ መለጠፍ አያስፈልግም። `append` ከኋላ ይጨምራል፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ከፊት ጀምሮ ይሰበስባል፤ ተራ አስከባሪው እዚህ ሁለቱ መሃል ነው ያለው። አንዱን ብትገለብጡት ቅድም ያየነው 480፣ 420 ዓይነት ብልሽት ይመጣል።

አሉታዊ ቁጥር ከገባ ኮዱ ዝም ብሎ ይሳሳታል። -7ን በአንድ ቤት ብትጠይቁት ፓይተን 3 ይላችኋል። ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ዝርዝሩ ተዘበራርቆ ይወጣል። ቀላሉ መፍትሔ ከመጀመራችሁ በፊት ከሁሉም ላይ ትንሹን ቁጥር መቀነስ፣ ደርድሮ ሲያበቃ መልሶ መደመር ነው።

አንድ ነገር ቀረ። የድሮ ፕሮግራመሮች ይህን ዘዴ በኮምፒውተር ሲያስቡ የማህደረ ትውስታው ቦታ ያስፈራቸው ነበር። እያንዳንዱ ክምር ስንት ካርድ እንደሚመጣበት ስለማይታወቅ ለአሥሩም ክምር ሙሉ ቦታ መያዝ ያለበት ይመስላል። ሃሮልድ ሲዋርድ በ1954 በኤምአይቲ ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፉ መውጫውን አሳየ፤ መጀመሪያ ቁጠር። በእኛ ካርዶች አንደኛ ዙር ላይ ሳትከምሩ አሃዞቹን ብቻ ብትቆጥሩ 0 ሁለት፣ 1 ሁለት፣ 3 አራት፣ 7 ሦስት፣ 9 አንድ ታገኛላችሁ። ስለዚህ 12 ባዶ ቦታ በአንድ ረድፍ ብታዘጋጁ የ0 ካርዶች ከ1ኛው ቦታ፣ የ1 ከ3ኛው፣ የ3 ከ5ኛው፣ የ7 ከ9ኛው፣ የ9 ከ12ኛው ይጀምራሉ። ክምር የሚባል ነገር የለም። ካርዱን አንስታችሁ በቀጥታ ቦታው ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ የዚያ አሃዝ ቀጣይ ቦታም በአንድ ወደ ቀኝ ይሸሻል።

ኮምፒውተር ደግሞ በ10 መክፈል አይገደድም። ባለ 32 ቢት ቁጥርን 8 ቢት በ8 ቢት ከፍሎ፣ በ256 ክምር፣ በ4 ዙር ይጨርሰዋል። 256 ክምር ጠረጴዛችሁ ላይ አይበቃም። በሁለት አሃዝ በሁለት አሃዝ፣ በ100 ክምር መሞከር ግን ትችላላችሁ፤ ያኔ ያ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር 3 ዙር ብቻ ይፈጅበታል። እኔ አንዴ ሳሎን ወለል ላይ ሞክሬው ነበር፤ ካርዱን ከማስቀመጥ ይልቅ 73ኛው ክምር የት እንዳለ ስፈልግ ዋልኩ።